«እስከ ጥቅምት 28»፦ የአንድ ጉባኤ ማስታወቂያ ጽሑፍ የጉዳይ ጥናት

ዳራ

ይህ ጉዳይ የአንድ የሙያ ማኅበር ነው። ማኅበሩ የቤተ መጻሕፍትና የመዛግብት ባለሙያዎችን ያሰባስባል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሁለት ቀን ጉባኤ ያካሂዳል። እኔ በአዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ የማስታወቂያ ሥራውን የያዝኩት ሰው ነበርኩ። የማኅበሩን፣ የዩኒቨርሲቲውንና የሰዎቹን ስም ትቻለሁ። ቀኖቹን ግን እንደነበሩ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ችግሩ የተነሣው ከቀን አጻጻፍ ስለሆነ ያለ እነርሱ ነገሩ አይገባም።

ጉባኤው ሐሙስና አርብ ኅዳር 11 እና 12 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር። አዳራሹ 200 ወንበር አለው። ሁለት ቁልፍ ንግግር አቅራቢዎች ነበሩን። አንደኛዋ ዕድሜያቸውን በብራና መጻሕፍት እንክብካቤ ያሳለፉ፣ በጡረታ ላይ ያሉ ባለሙያ ናቸው። ሁለተኛው የዲጂታል ካታሎግ ተመራማሪ ሲሆኑ የሚኖሩት በውጭ አገር ነው። የምዝገባው ማብቂያ ዓርብ ጥቅምት 28 ነበር። ይህ ቀን የተመረጠው በምክንያት ነው፤ የተሳታፊዎችን የደረት ካርድ ለማሳተምና የየክፍለ ጊዜውን የወንበር ድልድል ለመጨረስ ማተሚያ ቤቱ አሥር ቀን ያህል ጠይቆን ነበር።

ሥራው በሦስት ሰው ተከፋፍሎ ነበር። እኔ ጽሑፉን፣ አንድ ወጣት የግራፊክስ ባለሙያ ፖስተሩን፣ አንዲት የጽሕፈት ቤት ባልደረባ ደግሞ የመመዝገቢያ ቅጹን ያዝን። ሦስታችንም ቀኑንና ሰዓቱን የወሰድነው ከአንድ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዱ የሌላውን ሥራ አላየም። ለተከተለው ሁሉ በር የከፈተው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ

ከፖስተሩ በታች የወጣው ጽሑፍ ይህ ነበር፦

> በታላቅ ደስታ እናበሥራለን! በጉጉት ሲጠበቅ የቆየው ዓመታዊ ጉባኤያችን ሊካሄድ ነው። በሙያው አንቱ የተባሉ ምሁራን የመክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ። ምዝገባ እስከ ጥቅምት 28 ብቻ! ቦታው የዩኒቨርሲቲው ዋና አዳራሽ ነው። ለዝርዝሩ ፖስተሩን ይመልከቱ። ዛሬውኑ ይመዝገቡ፤ እንዳያመልጥዎ!

ስጽፈው ጥሩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳነበው ሰው ሊወስንበት የሚችል አንድ ሙሉ መረጃ እንኳ አላገኝበትም። የጉባኤው ቀን የለም፤ ፖስተሩ ላይ ነው ያለው። የተናጋሪዎቹ ስምም እዚያው ነው። ስልክ ላይ ከመከፈቱ በፊት የሚታዩት ሁለትና ሦስት መስመሮች ደግሞ ሙሉ በሙሉ በደስታችን ተይዘዋል። ማኅበሩ መደሰቱን ሰው ያውቃል፤ ጉባኤው መቼ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ፖስተሩም የራሱ ችግር ነበረበት። የመመዝገቢያው አድራሻ የተቀመጠው በኪውአር ኮድ ብቻ ነው። በግድግዳ ላይ ለተለጠፈ ወረቀት ይህ ይበቃል። አብዛኛው ሰው ግን ፖስተሩን ያየው በስልኩ ነው፤ በእጁ የያዘውን ስልክ ካሜራ እዚያው ስልኩ ላይ ወዳለው ምስል ማዞር አይችልም። ሌላ ስልክ መፈለግ ወይም የምስሉን ቅጂ አስቀምጦ በሌላ ፕሮግራም መክፈት ነበረበት። ይህንን የሚያደርገው ለመምጣት አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት

ጽሑፉ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ጥቅምት 28 ቀን፣ ገና ቢሮ ሳልገባ ስልኬ ጠራ። የደወሉልኝ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ዓመታት የሠሩ እናት ነበሩ።

«ልጄ፣ ቅጹ ተዘግቷል ይለኛል» አሉኝ። «ዛሬ ጥቅምት 28 አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ እማማ። ዛሬ እስኪመሽ ክፍት ነው።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ለዛሬ ያቆየሁት። የእረፍት ፈቃዴን ትናንት ማታ ነው የፈረሙልኝ። ግን ተዘግቷል ይላል፤ በቀይ ጽፎታል።»

ስልኩ ሳይዘጋ ኮምፒውተሬን ከፍቼ አየሁት። እውነታቸውን ነበር። ቅጹ ተዘግቷል።

መጀመሪያ የጠረጠርነው የቀን ቅየራውን ነው። የመመዝገቢያ ሥርዓቱ የሚቀበለው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ስለሆነ ባልደረባዬ ጥቅምት 28ን ወደዚያ ለውጣ አስገብታለች። ቅየራው ትክክል ነበር፤ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ኖቬምበር 7 ነው። በቅጹ የመዝጊያ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ይህ ነው፦

```
2025-11-07
```

ሰዓት አልተጻፈም። ሰዓት ሳይጻፍ ሲቀር ሥርዓቱ የሚወስደው የቀኑን መጀመሪያ ማለትም `00:00`ን ነው። ስለዚህ ቅጹ የተዘጋው በሐሙስና በዓርብ መካከል ባለው እኩለ ሌሊት ነው። እኛ «እስከ ጥቅምት 28» ስንል ሃያ ስምንተኛውን ቀን ጨምረን ነው። ሥርዓቱ የተረዳው ደግሞ ሃያ ስምንት ሲጀምር እንዲዘጋ ነው። «እስከ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። «እስከ በሩ ሸኘሁት» ስንል በሩ ላይ ደርሰናል፤ «እስከ ሰኞ እጨርሳለሁ» ሲባል ግን ሰኞን የሚጨምርም የማይጨምርም ሰው አለ። በወዳጆች መካከል ይህ አያጣላም። በማሽን የሚዘጋ በር ላይ ሲጻፍ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። ያውም የበላው የመጨረሻውን ቀን ነው፤ ሰው የሚመዘገበው ደግሞ በመጨረሻው ቀን ነው።

ከመጠገን በፊት የሠራነው

የመጀመሪያው ሐሳብ ቅጹን በፍጥነት ከፍቶ ዝም ማለት ነበር። ይህንን የተቃወመችው ባልደረባዬ ናት። ጠዋት ሞክረው ተዘግቶባቸው የሄዱ ሰዎች እንደገና አይሞክሩም፤ ስለዚህ በግልጽ መንገርና ጊዜ መጨመር አለብን አለች። ማተሚያ ቤቱን ለመንን፤ ዝርዝሩን ሰኞ ማታ ከላካችሁ ይበቃኛል አለን። ምዝገባው እስከ ሰኞ ኅዳር 1 ተራዘመ።

ያንን ከመጻፌ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ በስልክ፣ በኢሜይልና በመልእክት የደረሱንን ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኋቸው። ሰው የሚጠይቀው ጽሑፉ ያልመለሰለትን ነው፤ ስለዚህ ያ ወረቀት ጽሑፌ የት የት ላይ ክፍተት እንዳለበት የሚያሳይ ካርታ ሆነልኝ። ጥያቄዎቹ የተበታተኑ ቢመስሉም በአራት ጉዳዮች ዙሪያ ተሰባስበው አገኘኋቸው።

አንደኛው ቦታው ነው። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ግቢ አለው፤ ሁለቱም የየራሳቸውን አዳራሽ «ዋና አዳራሽ» ይሉታል። ለእኛ ዋናው አንድ ነበር፤ ዘወትር የምንሰበሰብበት። ለውጭ ሰው ግን ሁለት ነው።

ሁለተኛው «የመክፈቻ ንግግር» የሚለው አባባል ነው። እኔ ለማለት የፈለግሁት ቁልፍ ንግግር ነበር። የመክፈቻ ንግግር ሲባል ግን አንባቢው የሚገባው የአንድ ኃላፊ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ነው። ለአሥር ደቂቃ የኃላፊ ንግግር ፈቃድ ጠይቆ የሚመጣ ባለሙያ የለም። አንድ የመዛግብት ሠራተኛ «እኒያ የብራና ባለሙያ ራሳቸው ያስተምራሉ? ወይስ ባርከው ይወጣሉ?» ሲል የጻፈልኝ ቁም ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጦታል። ተናጋሪዋ በቁልፍ ንግግራቸው አንድ ሰዓት የሚቆይ ትምህርት ነበር የሚሰጡት። የጉባኤያችንን ትልቁን ነገር እኛው ራሳችን አሳንሰን ጽፈነዋል።

ሦስተኛው የሁለት ቀነ ገደቦች መደባለቅ ነው። ጥናት ለማቅረብ የሚፈልጉ ሰዎች አጽሕሮተ ጥናታቸውን የሚልኩበት ቀን ከወር በፊት አልፎ ነበር። ያንን ያወቁ አንዳንድ ሰዎች ምዝገባውም አብሮ የተዘጋ መሰላቸው። ጽሑፋችን ውስጥ «ያለ ጥናት ጽሑፍ በአድማጭነት መመዝገብ ይቻላል» የሚል አንድ መስመር አልነበረም።

አራተኛው ሰዓቱ ነው፤ ይህ ከቅጹ የመጣ ነው። ተመዝጋቢው የሚደርሰው የማረጋገጫ ኢሜይል የጉባኤውን መጀመሪያ `8:30` ይላል። በሥርዓቱ አቆጣጠር ይህ ጠዋት ነው። በአማርኛ የሚያስብ ሰው ግን 8፡30ን ሲያይ ከሰዓት በኋላ ሊለው ይችላል። ሁለት ሰዎች «ጠዋቱን ሥራ ገብቼ ከምሳ በኋላ እደርሳለሁ» ብለው ጽፈውልናል። እነርሱ ባይጽፉልን ኖሮ የመጀመሪያውን ቁልፍ ንግግር ጨርሰን እንቀበላቸው ነበር።

ከተናጋሪዎቹ ጋር የተደረገው ማረጋገጫ

በዚሁ ወረቀት ላይ ያልነበረ፣ ግን ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ጉዳይ አለ። ፖስተሩ የመጀመሪያዋን ተናጋሪ «ፕሮፌሰር» ይላቸዋል። እርሳቸው ፕሮፌሰር አይደሉም፤ ሆነውም አያውቁም። ሲደውሉልኝ ድምፃቸው የተቆጣ አልነበረም፤ ያዘነ ነበር።

«ያልተሰጠኝን ማዕረግ ብትሰጡኝ አክብራችሁኝ መስሏችኋል» አሉኝ። «የማውቃቸው ሰዎች ግን ይህንን ሲያዩ እኔ ያስጻፍኩት ነው የሚመስላቸው።»

ስሕተቱ የመጣው ከየትም አይደለም፤ በስብሰባ ላይ አንዱ አባል በአክብሮት «ፕሮፌሰር» ብሎ ጠርቷቸው ቃለ ጉባኤው ላይ እንደዚያው ተጻፈ። ከተናጋሪዎቹ ጋር ስንነጋገር የቆየነው በስልክ ነበር። ተስማምተዋል፤ ግን ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ጠይቀናቸው አናውቅም።

ስለዚህ ለሁለቱም አጭር መልእክት ላክን። አምስት ነገር ብቻ ጠየቅን፦ ስም በትክክለኛ ፊደሉ፣ ማዕረግ ካለ ማዕረግ፣ እንዲጻፍ የሚፈልጉት የሥራ ቦታ ወይም ሙያ፣ የንግግሩ ርዕስ፣ ፎቶ እንድንጠቀም ፈቃድ። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ «የብራና መጻሕፍት እንክብካቤ ባለሙያ» ብቻ ይበቃኛል አሉ። ከሁለተኛው መልስ ውስጥ ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር ወጣ፤ የሚናገሩት በቪዲዮ መሆኑን እኛ ብናውቅም እርሳቸው ጽሑፉ ያንን ያለመግለጹ አሳስቧቸዋል። እርሳቸውን በአካል አግኝቶ ለማነጋገር ብሎ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ቢኖር ቅር እንደሚለው ጻፉልን። ልክ ናቸው።

አዲሱ ጽሑፍ

ሁለተኛውን ጽሑፍ ከመጻፋችን በፊት ሦስታችን አንድ ገጽ አዘጋጀን። በገጹ ላይ እያንዳንዱ እውነታ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ አጠገቡ ያረጋገጠው ሰው ስምና ያረጋገጠበት ቀን ይሰፍራል። ጽሑፉም፣ ፖስተሩም፣ ቅጹም፣ የማረጋገጫ ኢሜይሉም ከዚያ ገጽ ብቻ እንዲገለበጡ ተስማማን። ቃለ ጉባኤ ምንጭ መሆኑ እዚያ ላይ አበቃ።

የመዝጊያውን ሰዓት በሚመለከት አንድ ውሳኔ አሳለፍን፤ እኩለ ሌሊትን ተውነው። ብዙ ጉባኤዎች ቀኑ እንዲያልቅ ብለው `23:59` ላይ ይዘጋሉ። ይህ `00:00` ላይ ከመዝጋት የተሻለ ነው። ግን በዚያ ሰዓት ቅጹ ቢበላሽ የሚያስተካክል፣ ስልክ ቢደወል የሚያነሣ ሰው የለም። እኛ ከቀኑ 11 ሰዓትን መረጥን፤ በቅጹ ላይ `2025-11-10 17:00` ተብሎ ገባ። ባልደረባዬ ሰዓቱን ካስገባች በኋላ በሙከራ ሌላ ቅጽ ላይ የአምስት ደቂቃ ቀጠሮ ሰጥታ በተባለው ደቂቃ መዘጋቱን በዓይኗ አየች። የቅጹ የሰዓት ቀጠና የእኛው መሆኑንም ያረጋገጥነው በዚሁ ነው፤ ሥርዓቱ የሌላ አገር ሰዓት ይዞ ቢሆን ኖሮ ሙከራው ያጋልጠው ነበር።

ከዚያ ይህ ወጣ፦

> ምዝገባ ተራዝሟል፦ ሰኞ ኅዳር 1 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል።
> የቤተ መጻሕፍትና የመዛግብት ባለሙያዎች ጉባኤ፣ ሐሙስና ዓርብ ኅዳር 11 እና 12 ቀን 2018 ዓ.ም.።
> ለመመዝገብ፦ (ማስፈንጠሪያ)
>
> ዓርብ ጥቅምት 28 ቅጹ በእኛ ስሕተት ቀድሞ ተዘግቶ ነበር። ሞክራችሁ ያልተሳካላችሁን ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ አሁን ክፍት ነው።
>
> ቁልፍ ንግግሮች
> ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፦ (ስም)፣ የብራና መጻሕፍት እንክብካቤ ባለሙያ። በአዳራሹ ተገኝተው። ርዕስ፦ «እርጥበት የነካው ብራና፦ ምን ይደረጋል፣ ምን አይነካም»።
> ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት፦ ዶክተር (ስም)፣ የዲጂታል ካታሎግ ተመራማሪ። በቪዲዮ። ርዕስ፦ «አንድ መጽሐፍ፣ አምስት አጻጻፍ፦ የስም አለመጣጣም በካታሎግ»።
>
> ቦታ፦ የዩኒቨርሲቲው ሰሜን ግቢ፣ የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ፣ 3ኛ ፎቅ። በምሥራቅ በር ይግቡ፤ መታወቂያ ይጠየቃል። አሳንሰር አለ።
> መግቢያ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 ይጀምራል።
>
> ጥናት የማያቀርብም ሰው መመዝገብ ይችላል። ክፍያ የለውም። 200 ቦታ ስላለ ሲሞላ ከሰዓቱ በፊትም ሊዘጋ ይችላል።
> ጥያቄ፦ (ስልክ)፣ በሥራ ሰዓት።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ተከራክረናል። የግራፊክስ ባለሙያው ተናጋሪዎቹ ከላይ ይሁኑ አለ፤ ሰው የሚመጣው ለእነርሱ ነው። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ጉባኤው መጀመሪያ ሲበሠር እንደዚያ ቢሆን እመርጣለሁ። የሦስት ቀን ጊዜ ሲቀር ግን የሚቸኩለው ሰው የሚፈልገው መቼ እንደሚዘጋና የት እንደሚጫን ነው። ጽሑፉ የሚመራው አንባቢው በዚያ ቀን ሊወስነው ባለው ነገር ነው።

«እስከ» የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ አስወጣሁት። በምትኩ «ሰኞ ኅዳር 1 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል» አልኩ። የዕለቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ አብረው ሲሄዱ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። «ሰኞ ኅዳር 2» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው «ኅዳር 2 እኮ ማክሰኞ ነው» ይለኝ ነበር።

ከመለጠፋችን በፊት ጽሑፉን ስለ ጉባኤው ምንም ለማታውቅ የሌላ ክፍል ሠራተኛ በስልኳ ላክንላት። ካነበበች በኋላ ስልኩን አስቀምጣ አራት ጥያቄ እንድትመልስ ጠየቅናት፦ መቼ ነው፣ የት ነው፣ ማን ይናገራል፣ መቼ ይዘጋል። ሦስቱን መለሰች። ቦታው ላይ «ሰሜን ግቢ» አለችና ቆመች፤ በመጀመሪያው ረቂቅ የበሩ ስም ከሕንፃው በፊት ተጽፎ ስለነበር ሕንፃውን አላስታወሰችውም። ቅደም ተከተሉን ቀየርነው።

በየመድረኩ ማሳጠር

ረጅሙ ጽሑፍ ሁሉም ቦታ አይገባም። ቴሌግራም ከፎቶ በታች 1,024 ፊደል ይፈቅዳል፤ ለእኛ በቂ ነበር። ኢንስታግራም እስከ 2,200 ይሄዳል፤ ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ ያለ ማስፈንጠሪያ ሲነካ አይከፈትም፤ ስለዚህ የመመዝገቢያውን አድራሻ በገጻችን መግቢያ ላይ አስቀምጠን ጽሑፉ ወደዚያ እንዲመራ አደረግን።

ያስቸገረን ኤክስ ነው። 280 ፊደል ይፈቅዳል ይባላል፤ የመጀመሪያ ረቂቄ 190 ፊደል ብቻ ሆኖ ሳለ አልቀበልም አለኝ። ምክንያቱን የነገረኝ የግራፊክስ ባለሙያው ነው። ሥርዓቱ የላቲን ፊደልን እንደ አንድ ሲቆጥር የግእዝ ፊደልን ግን እንደ ሁለት ይቆጥራል። አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝም እንደዚያው ሁለት ሁለት ይይዛሉ፤ ክፍት ቦታና አኃዝ አንድ አንድ ብቻ። ማስፈንጠሪያ ደግሞ ምንም ያህል ይርዘም 23 ይቆጠራል። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ያለው ቦታ 140 ፊደል ገደማ ነው። የተናጋሪዎቹን ስም፣ የሁለቱን ቀን፣ የመዝጊያውን ሰዓትና ማስፈንጠሪያውን ብቻ አስቀረን፤ ቦታው «ሰሜን ግቢ» ተብሎ አጠረ። ዝርዝሩ በቅጹ አናት ላይ ይገኛል።

ለፖስተሩ ምስልም አማራጭ ጽሑፍ አስገባን፤ ማየት የማይችሉ ባለሙያዎች ስልካቸው ምስሉን በአግባቡ የሚያነብላቸው በዚያ በኩል ነው። በፖስተሩ ላይ ያለው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በሙሉ እዚያ ተገለበጠ። ከአባሎቻችን አንዱ የመጀመሪያውን ፖስተር ስልኩ «ምስል» ብሎ ብቻ እንዳለፈው የነገረን ከዚህ በኋላ ነው። ቀድመን ብንጠይቀው ቀድመን እናውቅ ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

ቦታን፣ ሰዓትንና የንግግሩን ዓይነት የሚጠይቁ መልእክቶች ቆሙ። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ሰኞ የደረሱን ጥያቄዎች ስለ ማደሪያና ስለ የምስክር ወረቀት ነበሩ፤ እነዚህ በማስታወቂያው ሊመለሱ የሚገባቸው አልነበሩም። ስሕተታችንን በግልጽ መጻፋችንም ጠቀመን። ኮሚቴው ውስጥ «ይቅርታ ማለት ያሳንሰናል» የሚል ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን ዓርብ ጠዋት የተዘጋባቸው ሰዎች እንደገና የሞከሩት ያ መስመር እነርሱን ስለጠራቸው ነው። የደወሉልኝ እናት ቅዳሜ ጠዋት ተመዘገቡ፤ ሐሙስ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው።

ያልሠራው የአሮጌው ፖስተር ጉዳይ ነው። በራሳችን ቻናል ላይ ያለውን አረምነው። ነገር ግን ሰዎች ወደ ሌሎች ቡድኖች ያስተላለፉት ቅጂ ከእኛ ጋር አይታረምም፤ የተሳሳተ ማዕረግና ያለፈበት ቀን ይዞ እስከ ጉባኤው ዋዜማ ሲዘዋወር ቆየ። ማድረግ የቻልነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የአሮጌው ፖስተር ኪውአር ኮድ የሚወስደው ወደዚያው ቅጽ ስለነበር፣ በቅጹ አናት ላይ አዲሱን ቀን፣ የተስተካከለውን የተናጋሪዋን ስምና የማረሚያውን ምክንያት ጻፍን። ኮዱን የሞከረ ሰው ትክክለኛውን አገኘ። ፖስተሩን ብቻ አይቶ «አልፏል» ብሎ የተወው ግን አልደረሰንም፤ ስንት እንደሆኑም ማወቂያ የለንም። ተናጋሪዋ ስለ ማዕረጉ የጻፍነውን ማረሚያ ተቀበሉ፤ እስከ ዛሬ ግን ያ ምስል አልፎ አልፎ ይመለስብኛል።

ለሌላ ጉባኤ የሚተርፈው

ማስታወቂያ ጽሑፍና የመመዝገቢያ ቅጽ በሁለት ሰው ሲሠሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። የሚያነበው ቋንቋውን አይደለም፤ ጽሑፉ የሚለውና ቅጹ የሚያደርገው አንድ መሆኑን ነው። ሰዓት ያልተጻፈበት ቀን ሙሉ አይደለም፤ ለሰው ሙሉ ቢመስል እንኳ ማሽኑ የጎደለውን በራሱ ይሞላዋል።

ሊለወጥ የሚችል መረጃ በምስል ላይ ባይታተም ይመረጣል። የጉባኤው ስም፣ ቀንና ከተማ ብዙ ጊዜ አይለወጡም፤ ፖስተሩ ላይ ይቀመጡ። የምዝገባ ማብቂያና የተናጋሪ ዝርዝር ይለወጣሉ፤ እነርሱን በጽሑፉና በቅጹ ላይ ብቻ ማድረግ ይሻላል። ይህ ፖስተሩን ትንሽ ያራቁተዋል፤ በተለይ ታዋቂ ተናጋሪ ሲኖር ፎቶውን አለማውጣት ይከብዳል። እንደዚያ ከሆነ ቢያንስ የጽሑፍ ማረጋገጫው ከመድረሱ በፊት ፖስተሩ አይወጣም።

ዘንድሮ ሌላ አንድ ልማድ ጨምረናል። ምዝገባው በተዘጋ ሰዓት የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ወዲያውኑ ይለወጣል፦ «ምዝገባ ሰኞ ኅዳር 1 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተጠናቋል። የተመዘገባችሁ ማረጋገጫ ኢሜይላችሁን ይዛችሁ ሐሙስ ኅዳር 11 ከጠዋቱ 2፡30 በምሥራቅ በር ግቡ።» ያን ዕለት 11 ሰዓት ሲሆን ባልደረባዬ ቅጹን፣ እኔ ጽሑፉን ከፍተን ተቀምጠን ነበር። ቅጹ በተባለው ደቂቃ ተዘጋ፤ እኔም መስመሩን ቀየርኩ።